ወረቀቱን በሚዛን፣ እስክሪብቶውን በዚያው ወረቀት ላይ

ጥያቄ፦ «የ68 ተማሪዎች ክፍል ኃላፊ ነኝ። የዓመቱን ደብተርና እስክሪብቶ በአንድ ጊዜ እንድገዛ የወላጆች ኮሚቴ ወክሎኛል። አምና በገዛነው ደብተር ቀለሙ ወደ ጀርባ እያለፈ ልጆቹ ቅጠሉን በአንድ ፊት ብቻ ጻፉበት፤ እስክሪብቶውም ግማሹ ወር ሳይሞላው አልጽፍ አለ። ሻጭ ሁሉ ‹ወፍራም ነው፣ ቀለሙም አይተፋም› ይላል። ያለኝ የወጥ ቤት ሚዛንና ማስመሪያ ነው። በምን ልለይ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ሚዛንና ማስመሪያ ካለዎት ብዙ አልጎደለዎትም፤ አንድ ጥቁር ጨርቅና አንድ ሌሊት ብቻ ይጨምሩበት። መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ወረቀት ስረከብ፣ ኋላም ለትምህርት ቤቶች የጽሕፈት ዕቃ ስገዛ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጠረጴዛዎ ላይ የሚሠራ ነው።

ከአምናው ደብተር እንነሣ፤ አንዱ ተርፎ ከሆነ ያውጡት። «ቀለሙ አለፈ» ስንል ሁለት ነገር እንደባልቃለን። አንደኛው ከጀርባ መታየት ነው፦ ቀለሙ በተጻፈበት ፊት ላይ ነው ያለው፣ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ግን ጥላው በወዲያ በኩል ይታያል። ሁለተኛው የምር መሻገር ነው፦ ቀለሙ ወረቀቱን ዘልቆ በጀርባው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ለመለየት አንድ ቅጠል ይቅደዱና የተጻፈበትን ፊት ወደ ታች አድርገው ጥቁር ጨርቅ ላይ ያንጥፉት። ጥላ ብቻ ከሆነ ይደበዝዛል፤ ከሥር እየተመለሰ ጽሕፈቱን ያጎላ የነበረውን ብርሃን ጥቁሩ ውጦታልና። የተሻገረ ቀለም ግን እዚያው እንደጎላ ይቀራል።

ይህን የማስቀድመው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ጥላውን የሚያጠፋው በዋናነት የወረቀቱ ክብደት ነው። መሻገሩን ግን ክብደት ብቻውን አያቆመውም፤ እሱን የሚያቆመው ፋብሪካው ወረቀቱ ፈሳሽ እንዳይጠጣ የሚጨምርበት ሙጫ መሰል ነገር ነው፣ ሳይዚንግ ይሉታል። እሱ ያነሰበት ከባድ ወረቀት ቀለምን እንደ ጨርቅ ይጠጣል። የተለመደው ባለ ኳስ እስክሪብቶ ቀለሙ ዘይታማና ወፍራም ስለሆነ ብዙም አይሻገርም፤ ስለዚህ ልጆቹ በእሱ ከጻፉ የእርስዎ ችግር ጥላ ሳይሆን አይቀርም፣ ምናልባትም ከጥላው ጋር የጫና ጉብታ። ጀርባውን በጣት ሲዳብሱት ፊደሉ እንደ ጠባሳ ከተሰማዎት እስክሪብቶው ወረቀቱን እየወጋው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የወረቀት ክብደት የሚነገረው አንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው፤ ካርቶን ላይ ጂ.ኤስ.ኤም ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። የተጻፈውን ከማመን ማስላት ይሻላል፣ ስሌቱም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የቅጠሉን ወርድና ቁመት በሜትር ያባዙ፣ ውጤቱን በቅጠሉ ብዛት ያባዙ፤ ከዚያ የውስጥ ወረቀቱን ክብደት በዚህ ያካፍሉ።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንዱ ቆጠራው ነው። ገጽና ቅጠል አንድ አይደሉም፤ 96 ገጽ ማለት 48 ቅጠል ነው። ሉክ ሲባል ደግሞ አንዱ ነጠላውን፣ ሌላው የታጠፈውን ድርብ ስለሚረዳ በቃል አይስማሙ፣ ተቀምጠው በእጅዎ ይቁጠሩ። ሽፋኑን ከገጽ ቆጥሮ መቶ የሚሞላ ደብተር አጋጥሞኛል። ሌላው ስሕተት ደብተሩን ከነሽፋኑ መመዘን ነው። ሽፋን ወፍራም ሲሆን ስስ ወረቀትን ይሸፍናል፤ እዚህ ላይ በቁጥር ላሳይዎት።

ሦስት ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን እንበል። ሦስቱም 16 በ21 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስቱም 48 ቅጠል፣ ሦስቱም ላይ «60 ግራም» የሚል ጽሑፍ አለ። የአንዱ ቅጠል ስፋት 0.16 ሲባዛ በ0.21፣ ማለትም 0.0336 ካሬ ሜትር ነው፤ 48 ቅጠል ሲሆን 1.61 ካሬ ሜትር። የመጀመሪያው ደብተር ከነሽፋኑ 99 ግራም መዘነ፣ ሁለተኛው 106። በሰባት ግራም ልዩነት ማንም አይጨቃጨቅም። ሽቦዎቹን ነቅለን ሽፋኑን ስናወጣ ግን የመጀመሪያው የውስጥ ወረቀት 79 ግራም ብቻ ሆነ፣ የሁለተኛው 96። ለ1.61 ሲካፈል የመጀመሪያው 49 ግራም፣ ሁለተኛው 60 ግራም ገደማ መጣ። ቀሪውን ክብደት የያዘው ጠንካራው ባለ ሥዕል ሽፋን ነበር፤ ልጅ ደግሞ ሽፋን ላይ አይጽፍም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ያታልላል። ሻጩ በሁለት ጣቱ እያሸ «ይኸው፣ ወፍራም ነው» የሚልዎት እሱን ነው፤ አልዋሸም፣ ወፍራም ነው። ከየዓይነቱ አምስት አምስት ደብተር ደራርበን በከባድ መጽሐፍ ስንጫናቸው የመጀመሪያው 18 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 21፣ ሦስተኛው 24 ሆኖ ተገኘ። የሦስተኛው የውስጥ ወረቀት ሲመዘን ግን 84 ግራም ነው፣ ማለትም በካሬ ሜትር 52 ብቻ። ወረቀት ሲሠራ በሚሽከረከሩ ብረቶች መካከል በደንብ ካልተጫነ እንደ ጥጥ ተነፋፍቶ ይቀራል፤ ውፍረቱ አየር ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ለጣት ይመቻል፣ እስክሪብቶ ሲጫነው ግን ይሰረጉዳል፣ ላጲስ ሲነካው ይበጣጠሳል። ስለዚህ ጣትዎን ተዉትና ሚዛኑን ይመኑ።

ስንት ይበቃል ለሚለው የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በባለ ኳስ እስክሪብቶ በሁለቱም ፊት ለመጻፍ 60 በቂ ነው። 55 ላይ ያለ ወረቀት ሊያስኬድ ይችላል፣ ጥላውን ዓይተው ከወሰኑ። ከ50 በታች የሆነውን በነፃ ቢሰጡኝም ለዓመት ሥራ አልወስደውም፤ ቅጠሉ በአንድ ፊት ብቻ የሚጻፍበት ከሆነ የ96 ገጽ ደብተር ገዝተው 48 ገጽ አገኙ ማለት ነው። 70 የሚያስፈልገው ልጆቹ በጄል እስክሪብቶ የሚጽፉ ከሆነ ነው። 80 ለፎቶ ኮፒ ማሽን ይሁን፤ ከ60 ወደ 80 ሲወጡ ሰባት ደብተር በሚሸከም ልጅ ቦርሳ ላይ ሩብ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት ይጨምራሉ። ለ60 የተስማሙበት ወረቀት 58 ወይም 62 ቢመጣ አይጣሉ፤ የፋብሪካ መዋዠቅ ነው፣ እርጥበት ያለው አየርም ወረቀትን በጥቂቱ ያከብዳል። ተወዳዳሪ ናሙናዎችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መመዘን ያለብዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሚዛንዎ በአንድ ግራም የሚቆጥር ከሆነ ለአንድ ደብተር ይበቃል፤ በአምስት ግራም የሚዘል ከሆነ የአምስት ደብተር ወረቀት አንድ ላይ መዝነው ያካፍሉ።

ክብደቱን ያለፈ ናሙና ሦስት ትንንሽ ፈተና ይቀረዋል። ጥቂት ውሃ በጣትዎ ያንጠብጥቡበት፦ ጠብታው ለጥቂት ጊዜ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ደህና ነው፤ እንደነካው ወዲያው ከጠለቀና ጀርባው ከረጠበ ያ ወረቀት ላብ የነካው እጅ በዋለበት ሁሉ ቀለም ያንሰራፋል። በእርሳስ ጽፈው አንድ ቦታ ላይ በላጲስ አሥር ጊዜ ይፈትጉ፤ ከዚያ በዚያው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። መስመሩ ጠጉር ካበቀለ የወረቀቱ ገጽታ ተነሥቷል።

ሦስተኛው የጥቁር ጨርቁ ነው፣ እኔም የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ዓመት ለብዙ ክፍሎች እስክሪብቶ ስመርጥ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው የኮፒ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። እንደ ቅቤ ሄደ። ዕቃው ተከፋፍሎ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሆነው መምህራኑ «አይጽፍም» የተባለ እስክሪብቶ በካርቶን መልሰው አመጡልኝ። አንዱን አንሥቼ ጫፉን በአጉሊ መነጽር ሳየው ኳሱ ዙሪያ ግራጫ ጭቃ ተጋግሯል፦ ቀለምና የወረቀት ብናኝ ተቦክቶ። በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠርጌ እንደገና ሳስኬደው ጻፈ። እስክሪብቶው አልነበረም ጥፋተኛው፤ በሌላ እጅ የተገዛው ደብተር ዱቄት የሚያራግፍ ወረቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶን ከደብተሩ ለይቼ ፈትኜ አላውቅም። ጥቁሩን ጨርቅ ጣትዎ ላይ ይጠቅልሉና ያልተጻፈበትን ገጽ ሃያ ጊዜ ያህል ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ነጭ አቧራ በግልጽ ከታየ ያ ደብተር የእስክሪብቶ ጠላት ነው። የእርስዎ አምናው እስክሪብቶ ግማሹ የቆመው በዚህም ሊሆን ይችላል፤ ከተረፉት ጥቂቱን በአልኮል ጠርገው ይሞክሩ። ከነቁ ተጠያቂው ወረቀቱ ነው፣ ካልነቁ ቀለሙ ወይም ኳሱ።

ስለ እስክሪብቶው አሠራር ትንሽ ማወቅ ይረዳል። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ጉድጓዷ ውስጥ እየተሽከረከረች ከውስጥ ቀለም ትቀባለች፣ በውጭ ወረቀቱ ላይ ትለጥፋለች። ጉድጓዷ ከሰፋባት ቀለም ይተፋል፤ ከጠበባት ወይም ብናኝ ከነከሳት መስመሩ ይዘልላል። ቀለሙ እንዲወርድ ደግሞ ከላዩ አየር መግባት አለበት። ብዙ ቀፎ ጎኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ያለችው ለዚህ ነው፤ ልጆች በማጣበቂያ ወረቀት ስም ሲለጥፉ ይደፍኗትና «ተበላሸ» ይላሉ። የክዳኑ ጫፍ ክፍት መሆኑ ግን ለሌላ ነው፦ ሕፃን ቢውጠው አየር እንዲያሳልፍ። ለታናናሽ ክፍሎች ክዳኑ ያልተበሳ እስክሪብቶ አልገዛም።

ናሙናውን ሻጩ መርጦ አይስጥዎት፤ ከተለያዩ ፓኬቶች እርስዎ ሃያ ያውጡ። በመረጡት ደብተር ላይ፣ በኮፒ ወረቀት ላይ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ሳይጫኑ እንደ ሞላ ጠመዝማዛ የሆነ መስመር ያስኬዱ። ስንተኛው ዙር ላይ ቀለም እንደሰጠ ልብ ይበሉ። አንድ ሁለት ዙር ላይ ከጀመረ ችግር የለም። ከሃያው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ እምቢ ካሉ፣ ወይም እየዘለሉ ከጻፉ፣ ያንን ዓይነት ይለፉት፤ 68 ልጅ እጅ ላይ ሲደርስ በየቀኑ እጅ የሚያወጣ ተማሪ ይኖርዎታል። ከዚያ በደህናዎቹ አንድ ሙሉ ገጽ አጽፈው ጫፉን በነጭ ለስላሳ ወረቀት ይጥረጉ። ትንሽ ጭረት የተለመደ ነው፤ ድብልብል ጠብታ ከወጣ ግን ያ ነው ደብተርንና ሸሚዝን የሚያበላሸው። መስመሩንም ከተጻፈ አምስት ሰከንድ በኋላ በአውራ ጣት ይሻሹት፤ በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ካለዎት እሱ ዘንድ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት ይስጡት። አምስቱን ክዳናቸውን ከፍተው፣ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ብርጭቆ ውስጥ ነጭ ወረቀት አንጥፈው ሞቅ ባለ ቦታ ያቁሟቸው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ቀለም ከተገኘ ቀለሙ ለሙቀት የቀጠነ ነው፤ በልጅ ኪስ ውስጥ የሚያደርገውን አይተዋል። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስክሪብቶው በመጀመሪያው ጭረት ከጻፈ አልፏል።

የኳሱ መጠን ላይ ብዙ ሰው 0.7 ሚሊ ሜትር ይመርጣል፣ መስመሩ ቀጭንና ንጹሕ ስለሆነ። እኔ ደግሞ ወረቀቱ 60 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 1.0 ይሻላል እላለሁ። ትንሿ ኳስ የእጅን ጫና በጠባብ ቦታ ላይ ስለምታሳርፍ ስስ ወረቀትን ትሰረጉዳለች፤ ቅድም ያልነው የጀርባ ጉብታ በእሷ ይብሳል። ልጆች ደግሞ ይጫናሉ። ትልቋ ኳስ ቀለም ትበላለች፣ እውነት ነው፣ ግን ምን ያህል እንደምትበላ በማስመሪያዎ ይለካል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቀፎው ግልጽ ከሆነ የቀለሙ አናት ያለበትን ቦታ በስስ ምልክት ያድርጉ። ጎበዝ ጸሐፊ ለሆነ አንድ ልጅ ይስጡትና በዚያው ደብተር አሥር ገጽ ሙሉ ይጻፍ። የወረደውን በሚሊ ሜትር ይለኩ። ለምሳሌ አንዱ እስክሪብቶ 110 ሚሊ ሜትር ቀለም ኖሮት በአሥር ገጽ 4.5 ቢወርድ፣ 110 ለ4.5 ሲካፈል 24 ይሆናል፤ 240 ገጽ ይጽፋል ማለት ነው። ሌላው በውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሞልቶ የተሰጠው 70 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንና በአሥር ገጽ 6 ቢወርድ፣ 116 ገጽ ላይ ያልቃል። አንድ ተማሪ ሰባት ደብተር ይዞ አራት አምስተኛውን ቢሞላ ወደ 540 ገጽ ነው። የመጀመሪያው ለዓመት ሦስት ይበቃዋል፣ ሁለተኛው አምስት። ለ68 ልጅ 204 እና 340 ማለት ነው፤ ዋጋቸውን ሲያወዳድሩ የአንዱን ሳይሆን የእነዚህን ድምር ያወዳድሩ። ቀፎው ግልጽ ያልሆነውን እስክሪብቶ በዚህ መንገድ ማወቅ ስለማይቻል እኔ ለጅምላ አልገዛውም። (ስሌቱ የሚጠፋውን አያውቅም። ልጅ እስክሪብቶ ከሚጨርስ ይልቅ ይጥላል፤ ከስሌቱ በላይ ሩቡን ያህል ይጨምሩ፣ ቁም ሣጥኑንም ይቆልፉ።)

አንድ ነገር ብቻ ከወረቀትም ከቀለምም ውጭ የሆነ፦ ደብተሩን መሐሉ ላይ ከፍተው የመሐሉን ድርብ ቅጠል ብቻ ይዘው አንጠልጥለው ይነቅንቁት። ቅጠሉ ከሽቦው ቢቀደድ ወይም ሽቦው ቢያፈነግጥ፣ 60 ግራም ወረቀትም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብሮ አይቆይም። ሽቦው ሁለት መሆኑንና ጫፉ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ መተኛቱን በጣትዎ ያረጋግጡ።

ግዢው ላይ ሲደርሱ 68 ሲባዛ በ7 ማለትም 476 ደብተር፣ ከመጠባበቂያ ጋር 510 ገደማ ያስፈልግዎታል። ከመረጡት ናሙና ሁለቱን ለይተው የውስጥ ክብደቱን፣ የቅጠሉን ብዛትና ስፋቱን ሽፋኑ ላይ ይጻፉ፤ እርስዎና ሻጩ ፈርሙበት፣ አንዱ እርስዎ ዘንድ አንዱ እሱ ዘንድ ይቀመጥ። ዕቃው ሲመጣ የላይኛውን ካርቶን ብቻ አይክፈቱ። ከተለያዩ አምስት ካርቶኖች፣ ከየካርቶኑ መሐል አንድ አንድ ደብተር አውጥተው ከናሙናው ጋር ይመዝኑ። ሽፋናቸው አንድ ዓይነት ከሆነ መፍታት አያስፈልግም፤ ከነሽፋኑ 106 የነበረው 104 ወይም 108 ቢሆን ይረከቡ። 95 ከመጣ ግን አንዱን ፈትተው ቅጠሉን ይቁጠሩ፦ ቅጠል ጎድሎ ነው ወይስ ወረቀት ተቀይሮ። ሁለቱም ቢሆን አይፈርሙ። እስክሪብቶውንም ከሁለት ሦስት ፓኬት አውጥተው በዚያው በደረሰው ደብተር ላይ ጠመዝማዛውን ያስኬዱበት፤ ሻጩ ቆሞ እያየ ቢሆን ይመረጣል።